ፒኤች ሜትሩ «ካሊብሬሽን ተሳክቷል» ይላል፣ ቁጥሩ ግን አያሳምንም

ምልክቱ። ጠዋት በባፈር 7 እና በባፈር 4 ካሊብሬት አደረጋችሁ፣ ሜትሩም ያለ ምንም ቅሬታ ተቀበለ። ከባሶና ወራና ደጋ የመጣው አሲዳማ አፈር የሚጠበቀውን ቁጥር ሰጠ። ከሞረትና ጅሩ የመጣው ጥቁር አፈር ግን ከ7 በላይ ወጣና ቁጥሩ ጥርጣሬ ውስጥ ከተታችሁ። ለማጣራት ባፈር 10 ውስጥ ብትነክሩት 9.78 አለ።

ለምን ቀድሞ አልታየም? በሁለት ችካል መካከል የተወጠረ ሲባጎ ምንጊዜም ቀጥ ያለ ነው፤ የሁለት ነጥብ ካሊብሬሽንም እንደዚያው ነው። አንደኛው ባፈር ቢበላሽ እንኳ መስመሩ በሁለቱም ነጥብ ላይ ልክክ ብሎ ያልፋል። ስህተቱን ሊያጋልጥ የሚችለው ሦስተኛ ነጥብ ነው። ስለዚህ «ተሳክቷል» የሚለውን ጽሑፍ ትታችሁ ሚሊቮልቱን እዩ።

ጤናማ ኤሌክትሮድ ፒኤች በ1 ሲቀየር በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 59.2 ሚሊቮልት ያህል ይቀየራል፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 58.2። ስሎፕ የሚባለው የእናንተ ኤሌክትሮድ ከዚህ ውስጥ ስንት በመቶውን እንደሚሰጥ ነው።

አንድ ምሳሌ እናስላ። የባፈሮቹ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው እንበል። በዚህ ሙቀት ባፈር 4 በትክክል 4.00 ነው፣ ባፈር 7 ግን 7.02፣ ባፈር 10 ደግሞ 10.06 ነው (ሠንጠረዡ ጠርሙሱ ላይ አለ፣ አትለፉት)። ሜትሩን ወደ ሚሊቮልት ቀይራችሁ ቁጥሩ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ጠብቁና ጻፉ፦

```
4.00    +158 mV
7.02      -8 mV
10.06   -160 mV
```

ከ4 እስከ 7 ያለው ልዩነት 166 ሚሊቮልት ነው። ለ3.02 ስታካፍሉት 55 ይሆናል፣ ይህም ከ58.2 ላይ 94.5 በመቶ ነው። ከ7 እስከ 10 ግን 152 ለ3.04 ሲካፈል 50 ነው፣ 86 በመቶ። ሁለቱ ወገኖች ይህን ያህል መራራቅ አልነበረባቸውም።

ጥፋተኛው ማነው? መጀመሪያ ባፈር 10ን ጠርጥሩ፣ ኤሌክትሮዱን አይደለም። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፣ ፒኤቹም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ባፈር 4 እና 7 እንዲህ ቶሎ አይነኩም። ስለዚህ አዲስ ባፈር ክፈቱና እንደገና ንከሩ። አሁን −173 ካሳየ 165 ለ3.04፣ ማለትም 54.3 ነው፤ 93 በመቶ። ሁለቱ ወገኖች ተቀራረቡ፣ ጥፋቱም የአሮጌው ጠርሙስ ነበር ማለት ነው። ድፉት። የተጠቀማችሁበትን ባፈር መልሳችሁ ወደ ጠርሙስ መገልበጥም ይቅር።

አዲሱም ባፈር −160 አካባቢ ከቆየ ግን ችግሩ የኤሌክትሮዱ ብርጭቆ ነው፤ አርጅቷል ወይም ጭቃ ተለጥፎበታል። የጅሩ ጥቁር አፈር ሸክላው ብዙ ስለሆነ ስስ ሽፋን ይተዋል፣ በዓይን ላይታይም ይችላል።

መፍትሄው። ኤሌክትሮዱን በተጣራ ውሃ እጠቡና 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ንከሩት። ብርጭቆውን አትፈትጉ። ከዚያ አጥቡና 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አሳድሩት፤ የተጣራ ውሃ ውስጥ ማሳደር ግን ኤሌክትሮዱን ይገድላል። በነጋታው እንደገና አስሉ። ከ95 በላይ ከወጣ ደህና ነው። ከ90 እስከ 95 ከሆነ ይሠራል፣ ግን በየጊዜው ተከታተሉት። ታጥቦም ከ85 በታች ከቀረ ቀይሩት።

ባፈር 7 ላይ ያለውንም ሚሊቮልት እዩ። ከዜሮ በ30 ገደማ ክልል ውስጥ መሆን አለበት፤ የምሳሌያችን −8 ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ችግሩ ብዙ ጊዜ የማጣቀሻው ወገን ነው። መሙያ ቀዳዳ ያለው ኤሌክትሮድ ከሆነ ፈሳሹ ጎድሎ ወይም ጎኑ ላይ ያለችው መውጫ በጭቃ ተደፍና ይሆናል። ሲለካ ቀዳዳው ክፍት ይሁን፣ ፈሳሹም ከናሙናው ከፍ ብሎ ይቁም።

ለደብረ ብርሃን ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ባፈሩ 15 ዲግሪ ሆኖ የሙቀት መለኪያው ካልተሰካና ሜትሩ 25 ላይ ከተቀመጠ፣ ፍጹም ጤናማ ኤሌክትሮድ 97 በመቶ ብቻ ይታያል። 92 የነበረው ደግሞ 89 ይሆንና ሳያረጅ ያረጀ ይመስላል። ኤሌክትሮድ ከመጣላችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ታዲያ ሁለት ነጥብ ወይስ ሦስት? ናሙናችሁ ሁሉ ከ4 እስከ 7 ከሆነ ሁለቱ ይበቃሉ። ጥቁር አፈር ከተቀላቀለበት 10ን ጨምሩ። ግን መመሪያውን እዩ፤ አንዳንዱ ሜትር በየሁለት ባፈሩ መካከል የተለያየ መስመር ይሠራል፣ ሌላው ደግሞ ሦስቱንም በአንድ መስመር ያስማማል። በሁለተኛው ዓይነት ላይ የተበላሸ ባፈር 10 ደህናውን የአሲድ ወገን ጭምር ያጣምማል። እንዲህ ከሆነ ካሊብሬሽኑን በ4 እና በ7 አድርጉ፣ 10ን ደግሞ እንደ ናሙና ለክታችሁ ከትክክለኛ ቁጥሩ ጋር አስተያዩ።