ተጨማሪ የፈተና ሰዓት የሚጠየቅበት የይግባኝ ደብዳቤ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ሳቢያን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ዓይኗ ደካማ ነው፤ ጽሑፍ ካልጎላላት አታነብም። ውጭ አገር ያለ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ ሰጪ ተቋም ለሚሰጠው የ3 ሰዓት ፈተና ተጨማሪ ጊዜ ጠይቃ ተከለከለች። መልሱ አጭር ነበር፦ ማስረጃው ያረጀ ነው፤ ተጨማሪ ጊዜ ለምን እንደሚያስፈልግም አያሳይም። የይግባኟን ረቂቅ ሳነበው ብዙዎች የሚሠሯቸውን ስህተቶች አገኘሁበት።

ለተሰጠው ምክንያት አለመመለስ። ረቂቋ በልጅነቷ ሰሌዳ ለማየት ያሳለፈችውን መከራ ተርኮ በልመና ያበቃል። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም ሳነበው አዝኛለሁ። ይግባኝ ሰሚው ግን የሚመዝነው የክልከላው ምክንያት ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚለውን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ምክንያቶች እንዳሉ ገልብጠን በየሥራቸው መልስ ጻፍን።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብቻ መተው። የሐኪሙ ማስረጃ የተጻፈው ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የውጭ አንባቢ 2016ን በራሱ አቆጣጠር ወስዶ ስምንት ዓመት ያህል ያስረጀዋል፤ «ያረጀ» የተባለውም ለዚህ ነበር። ደብዳቤው ላይ ቀኑ ጃንዋሪ 19 ቀን 2024 መሆኑን ጽፈን፣ ማኅተም ያለው ትርጉም አያያዝን። የአያት ስሟ በፓስፖርቷና በማስረጃው ላይ በተለያየ ፊደል መጻፉንም በአንድ መስመር አስረዳን።

የሕመሙን ስም ብቻ መጥቀስ። ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። «የዓይን ችግር አለባት» የሚል ወረቀት ፈተና ላይ ምን እንደሚገጥማት አይናገርም። ስክሪኑ ሲጎላ የሚታየው የገጹ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ሰፊ የሂሳብ ሠንጠረዥ ላይ ቁጥሩን ስታይ የዓምዱ ርዕስ ይጠፋል፤ ወደ ላይ ተመልሳ፣ ርዕሱን አይታ፣ ቁጥሩን እንደገና ትፈልጋለች። ሐኪሟ ይህንን በራሱ ቃል እንዲጽፍ፣ ንባቧንም በሰዓት እንዲለካ ጠየቅነው። ሌላ ሰው በ6 ደቂቃ የሚጨርሰውን ገጽ እሷ በ9 ደቂቃ ጨረሰች።

«በቂ ጊዜ ይጨመርልኝ» ማለት። በቂ ስንት ነው? ልኬቱ የግማሽ ያህል ጭማሪ ስላሳየ የጠየቅነው 50 በመቶ ነው፤ 3 ሰዓቱ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እጥፍ ብንጠይቅ ኖሮ ማስረጃው አይደግፈንም ነበር። ችግሩ የንባብ ፍጥነት ሳይሆን የዓይን ድካም ወይም ሕመም የሆነበት ሰው ደግሞ የሚሻለው ሰዓቱ ቆሞ የሚሰጥ እረፍት ስለሆነ እሱን ለይቶ ይጠይቅ።

የይግባኝ ቀነ ገደቡ የሚገኘው በክልከላው ደብዳቤ ላይ ወይም በተቋሙ ደንብ ውስጥ ነው። የሐኪሙ አዲስ ማስረጃ ከዘገየ ይግባኙን በጊዜው አስገብተው፣ ማስረጃው በየትኛው ቀን እንደሚደርስ እዚያው ላይ ይጻፉ።