ሪሞትዎ በብርሃን ነው ወይስ በሬዲዮ የሚሠራው?

አዳማ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ ሪሲቨሩን ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቶ የእንጨት በሩን ሲዘጋው ሪሞቱ መሥራቱን አቆመ፤ የኢንፍራሬድ ሪሞት ትእዛዙን የሚልከው ዓይናችን በማያየው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ገደማ በሚርገበገብ ብርሃን ስለሆነ፣ እንጨቱ እንደ ማንኛውም ብርሃን አገደው። ብሉቱዝ ግን የሬዲዮ ሞገድ በመሆኑ እንዲህ ያለውን በር አልፎ ይሄዳል፤ አስቀድሞ ከመሣሪያው ጋር መጣመር ብቻ ይኖርበታል።

ለመለየት የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልክዎ የፊት ካሜራ አዙረው ቁልፎቹን ይጫኑ፤ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ከታየ ያ ቁልፍ በኢንፍራሬድ ይሠራል። በማብሪያው ቁልፍ ብቻ ግን አይፍረዱ፤ ብዙ የብሉቱዝ ሪሞቶች ቴሌቪዥኑን የሚያበሩት በኢንፍራሬድ ነውና።