ፀጉርሽ እየሳሳ ነው? የወር አበባሽንም አስቢው

የፀጉርሽ መሃል መክፈያ እየሰፋ፣ ሹሩባሽ እየቀጠነ ከሄደ ቅባት ከመቀያየርሽ በፊት የወር አበባሽን ልብ በይ። ሞዴስ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ የሚሞላ፣ ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ያለው ከሆነ ብዙ ነው። በየወሩ ከደሙ ጋር ብረት ይወጣል፤ ሰውነትም የቀረችውን ለደም ሲያውል ፀጉር ይጎዳል።

ኮዬ ፈጬም ሆነ ሰንዳፋ ተመርምረሽ «ደም ማነስ የለብሽም» ብትባዪ በዚያ አታቁሚ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሄሞግሎቢን ብቻ ነው። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፈሪቲን ነው፤ ላቦራቶሪው ከሌለው ወደ ከተማ ገብቶ ማሠራት ይሻላል። ሄሞግሎቢንሽ 12.5 ሆኖ ፈሪቲንሽ 11 ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው፤ ከ30 በታች እጥረት ነው። ኢንፌክሽን ካለብሽ ግን ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ሊል ይችላል።

ሐኪም የብረት እንክብል ካዘዘልሽ በባዶ ሆድ ውሰጂው፤ ሆድሽን ከረበሸሽ ከትንሽ ምግብ ጋር ይሁን። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቡናው ላይ ነው፦ ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚይዙት ቢያንስ ለሁለት ሰዓት አራርቂው። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጪ። የፀጉሩ ለውጥ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ነው። እስከዚያው የደሙ ምክንያት፣ ለምሳሌ ማዮማ የሚባል የማህፀን እጢ መኖሩ፣ በአልትራሳውንድ ይታይልሽ፤ ደሙ ካልቆመ የተተካው ብረት ተመልሶ ይፈስሳል።