ዛሬ ነገ የምትል ልጅን በአጭር ልቦለድ እንዴት እንጽፋታለን?

ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። አንዲት ወጣት የምትመኘውን ኮርስ ዛሬ ነገ ስትል ቆይታ፣ አንድ ትንሽ ቀነ ገደብ ሐሳቧን ያስቀይራታል። ሲያዩት ቀላል ነው። ሲጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ይበላሻል። ልጅቷ በድንገት «በቃኝ!» ብላ ትነሳለች፣ አንባቢው ደግሞ «ምን ተገኘና?» ይላል። ስለዚህ ጊዜያችንን በብዛት የምናጠፋው ቀነ ገደቡ ላይ ነው። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

ደረጃ 1፦ ከሕልሟ በፊት ውሎዋን ጻፉ

ለምሳሌ እንዲሆነን ልጅቷን እመቤት እንበላት። ደብረ ሲና ትኑር። ከእናቷ ጋር ቆሎ ትሸጣለች። የምትመኘው ኮርስ ልብስ ስፌት ነው፤ የሚሰጠው ደብረ ብርሃን። በመሃል 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና የጣርማበር ዳገት አለ። ይህ ርቀት ለታሪኩ ልክ ነው። በየቀኑ ተመላልሶ መማር ያስቸግራል፣ በሳምንት አንዴ ግን ቤት መምጣት ይቻላል። ይህቺን «በሳምንት አንዴ» ያዟት፣ በኋላ ትጠቅመናለች። አዲስ አበባ ብትሄድ ታሪኩ ሌላ ነገር ይሆንብናል፤ ከቤት የመውጣት ታሪክ።

አሁን ሥራዋን በቅርብ አሳዩ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይቆማል። እመቤት ቆሎውን በስኒ ሰፍራ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልላ በመስኮት ታቀብላለች። አንዱ መቶ ብር ይሰጣታል። መልስ ስትቆጥር ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን ሁለቴ ይመታል። መኪናው ይንቀሳቀሳል። እየሮጠች መልሱን በመስኮት ትወረውራለች፣ አንድም ሳንቲም አታጎድልም።

ይህን ትዕይንት የምንጽፈው ለጌጥ አይደለም። አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ እመቤት ሰነፍ አለመሆኗን ማየት አለበት። ሰነፍ ልጅ ኮርስ ብታራዝም ማንም አይገርመውም። በደቂቃ የምትሽቀዳደም ልጅ ለዓመት ስታራዝም ግን «ምን ይዟት ነው?» እንላለን። ታሪኩን እስከ መጨረሻው የሚያስነብበን ይህ ጥያቄ ነው።

ሕልሟን በተመለከተ «ከልጅነቷ ጀምሮ ስፌት ትወድ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ። የደብተሯ ጀርባ ላይ የአንገትጌና የእጅጌ ልክ ትስላለች ማለት ይበቃል። የቆሎው መጠቅለያም ያው ደብተር ነው።

ደረጃ 2፦ ሦስት ምክንያት፣ እየከሱ የሚሄዱ

ማራዘሟን ሦስት ጊዜ አሳዩ። ከሦስት ካነሰ ልማድ መሆኑ አይታይም፣ አራት ከሆነ አንባቢ ይሰለቻል። ዋናው ነገር ግን ምክንያቶቹ እኩል እንዳይሆኑ ነው። የመጀመሪያው እውነተኛ ይሁን፣ ሁለተኛው ግማሽ እውነት፣ ሦስተኛው ሰበብ።

ባለፈው ዓመት መስከረም የእናቷን እጅ ምጣድ ያቃጥለዋል። ቆሎውን የሚቆላ ሌላ ሰው የለም። «ጥር ላይ እመዘገባለሁ» ትላለች፣ እኛም እናምናታለን። ጥር ላይ የእህቷ ሠርግ ይመጣል። ሠርጉ እሁድ አልቆ፣ ምዝገባው እስከ ዓርብ ክፍት ነበር። ይህን በግማሽ መስመር ጣሉትና እለፉ፤ አንባቢው ራሱ ያስላው።

ሦስተኛው ዘንድሮ የካቲት ላይ ነው። «ደብረ ብርሃን አሁን ብርድ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል» ትላለች። የሰሜን ሸዋ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ክፉው ውርጭ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፣ በየካቲት አልፏል። ተራኪው «ይሄ ሰበብ ነበር» ማለት የለበትም። ያን ቀን መጠቅለያ ወረቀት አልቆባት ንድፍ ያለበትን ገጽ ራሷ ቀድዳ ቆሎ ትጠቅልልበት። ሌላ ሰው ቢቀድባት ኖሮ እናዝንላት ነበር። ራሷ ስትቀድ ግን እንደነግጣለን።

ጊዜውን በወራትና በበዓላት ቁጠሩት። «ከስድስት ወር በኋላ» ከማለት «መስቀል አለፈ» ማለት ያጥራል፣ የእኛም ሰው የሚያራዝመው እንደዚያ ነው፤ ዓመት በዓሉ ይለፍ፣ ጾሙ ይግባ፣ ጾሙ ይፈታ። ይህ ሁሉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ።

ደረጃ 3፦ ቀነ ገደቡን ፈልጉ

ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ትልቅ ነገር ያመጣል። እናት ትሞታለች፣ መኪና ይገለበጣል። እውነቱን ለመናገር የእኛ ታሪኮች ሞት ይወዳሉ። ሞት ግን ቀነ ገደብ አይደለም፣ ማንም ተዘጋጅቶ አይጠብቀውም። የኮርሱ ምዝገባ የሚዘጋበት ቀንም አይሆንም። እሱን ሦስት ጊዜ አሳልፋዋለች፣ አራተኛው ላይ በምን ይለያል?

የምንፈልገው ከኮርሱ ጋር በቀጥታ የማይገናኝ፣ ቀኑ የታወቀ፣ በሰው እጅ ያለ ቀን ነው። ለእመቤት ዕቁብ ጥሩ ነው። 30 አባል፣ በየእሁዱ 200 ብር፣ ዕጣው 6,000 ብር። በ20ኛው እሁድ ዕጣው ለእሷ ይወጣል። ግን ገና 10 እሁድ ትጥላለች፣ ስለዚህ ብሩን ለመውሰድ ዋስ ያስፈልጋታል። ዳኛው ጋሽ ከበደ «እስከሚቀጥለው እሁድ ዋስ ካላመጣሽ ዕጣው ለሌላ ይዞራል» ይሏታል።

ትንሽ ነገር ናት። ቢዞርባትም ተራዋ በሌላ እሁድ ይመጣል እንጂ ብሯ አይጠፋም። ታዲያ እንዴት ሐሳብ ታስቀይራለች? ሚስጥሩ እዚህ ነው። ቀን በራሱ ሰው አይለውጥም፤ የሚለውጠው ቀኑ አስገድዶ የሚያስደርገን ነገር ነው። ዋስ የሚሆን ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፦ «እዚሁ ነሽ አይደል?» ምክንያቱም እመቤት አገር ለቃ ከሄደች ቀሪውን 2,000 ብር የሚከፍለው ዋሱ ነው።

ወጥመዱን አያችሁት? «እዚሁ ነኝ» ካለች ዋስ ቶሎ ታገኛለች፣ ለኮርሱ የሚሆነውንም ብር ትይዛለች። ግን እንደማትሄድ በገዛ አፏ ተናገረች ማለት ነው። «እሄዳለሁ» ካለች ዋሱ ሊሸሽ ይችላል። እስከዛሬ ማራዘም ምንም አላስከፈላትም ነበር። አሁን ውሸቱም እውነቱም ዋጋ አላቸው።

የሳምንቱን ቁጥር እንደዋዛ አትምረጡ። ዕጣው በ29ኛው እሁድ ቢወጣ ቀሪው 200 ብር ብቻ ነው፣ ዋሱ ምንም አያስጨንቀውም። በ2ኛው እሁድ ቢወጣ ደግሞ ዕዳው ከ5,000 ብር ይበልጣል፤ ማንም ቢፈራ አይፈረድበትም፣ ጥያቄውም የገንዘብ ብቻ ይሆናል። መሃሉ ላይ ሲሆን ዋሱ ሊያስብበት ይችላል፣ ታሪኩም የሚፈልገው ይህን ማሰብ ነው።

ደረጃ 4፦ አንዱን ትዕይንት ሙሉ ጻፉ

የታሪኩን ግማሽ ለዚህ ሳምንት ስጡ። ከሳምንቱም ለዋስ ጥየቃው። ረቂቁ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ዋስ ይሁኑኝ ብዬ ነው፣ እትዬ አስካለ።»

«ስንት እሁድ ቀረሽ?»

«ዐሥር።»

«ሁለት ሺህ ብር።» እትዬ አስካለ ከሰፌዱ ላይ ጠጠር ለቅመው ጣሉ። «እዚሁ ነሽ አይደል? የትም አትሄጂም?»

እመቤት ሰፌዱን አየች። «ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው።»

«መቼ?»

«ምዝገባው ሰኞ ይጀምራል።»

«ዐሥሩን እሁድ ማን ይጥላል ታዲያ?»

«እኔ። በየእሁዱ እመጣለሁ።»

እትዬ አስካለ ሰፌዱን አንዴ አንገዋለሉት። «ማታ ነይ» አሏት።

እዚህ ውስጥ «ወሰነች» የሚል ቃል የለም። «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ እስከዛሬ የነበራት መልስ በዓል ነበር፣ አሁን ሰኞ ሆነ። አንባቢው ለውጡን የሚያየው በዚህ ነው። «በየእሁዱ እመጣለሁ»ም የሚያስኬደው መጀመሪያ ላይ ርቀቱን በልክ ስለመረጥን ነው። እትዬ አስካለም ወዲያው እሺ አላሉም። ወዲያው እሺ ቢሉ እመቤት እውነቱን በመናገሯ ምንም አልከፈለችም ማለት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እትዬ አስካለ ምክር እንዳይጀምሩ። «ልጄ፣ ትምህርት ብርሃን ነው» ካሉ ሐሳቡን ያስቀየረው ምክሩ ይሆንና ቀነ ገደቡ ከንቱ ይቀራል። እሳቸው የሚያሳስባቸው 2,000 ብራቸው ብቻ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ፈትኑትና ቁረጡ

ረቂቁ ሲያልቅ የዕቁቡን ክፍል በሙሉ አውጥታችሁ አንብቡት። ልጅቷ ያለ እሱም ኮርሱን መጀመር ከቻለች ቀነ ገደቡ ጌጥ ሆኗል ማለት ነው። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ቀጥሎ «ተገነዘበች»፣ «ገባት»፣ «ቆርጣ ተነሳች» የሚሉትን ፈልጋችሁ ሰርዙ። ከተሰረዙ በኋላ ትርጉሙ ከጠፋ፣ የጎደለው ድርጊት ነው። ቃሉን አትመልሱት፣ ድርጊት ጨምሩ።

እናቷንም አትርሷት። ሳትሰማ ታሪኩ ካለቀ አንባቢ ይጠይቃችኋል። ግን ሙሉ ትዕይንት አያስፈልጋትም። «ብርዱስ?» ትበል፣ እመቤት ደግሞ «ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ እኮ ነው» ብላ ትመልስላት። በሰበብ የመጣው ብርድ በቀልድ ይሸኛል።

ማቆሚያው እሁድ ነው። ጋሽ ከበደ መዝገቡን ገልጠው «ዋስሽ ማነው?» ሲሉ እትዬ አስካለ እጃቸውን ካወጡ፣ ወይም ካላወጡ፣ እዚያው አቁሙ። ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ ብሆን የማያወጡበትን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ያኔ እመቤት ሰኞ ዕለት የምትሄደው ያለ 6,000 ብሩ ነው፣ ከቆሎ ባጠራቀመችው ብቻ። ይህን ከመረጣችሁ ግን የቆሎውን ቁጠባ ደረጃ 1 ላይ በአንድ መስመር አስቀድማችሁ አስገቡት፣ አለዚያ አንባቢ ብሩ ከየት መጣ ይላል።