ሞቅ ያለው መዝሙር ወደ ዘፈን ሲያዘነብል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ ለጥምቀት፣ ለመስቀልና ለንግሥ በዓላት በሽብሸባ የሚዘመሩ ፈጣን የአማርኛ መዝሙራትን ለሰንበት ትምህርት ቤት የሚያዘጋጁትን ይመለከታል። ግጥሙ በመምህራን ታይቶ ትምህርቱ እንደታረመ፣ ከበሮው በዐቢይ ጾም እንደማይመታና መዝሙሩም ከጾሙ ውጪ እንደሚቀርብ የታወቀ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ምልክት፦ በልምምድ ላይ ጨዋ የነበረው መዝሙር ሕዝብ ፊት ሲቀርብ እስክስታ ይሆናል

ከሁሉ በላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። የመጀመሪያው ዙር በሥርዓት ያልፋል፤ በሁለተኛው ከሕዝቡ መካከል አንድ «ሆ!» ይሰማል፤ በሦስተኛው ከበሮ መቺው ትርፍ ምት ይጨምራል፣ የፊተኞቹ መዘምራን ትከሻም ይነቃል። ብዙውን ጊዜ አለቃው በማግሥቱ ከበሮ መቺውን ይገሥጻል። እኔም በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ከበሮ መቺ ቀይሬ ሦስቱም ከአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ትርፍ ምት ሲጨምሩ ካየሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የእኔ ግጥም መሆኑ የገባኝ።

ምክንያቱ በቤቱ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ነው። የችክችካ ምት በሁለት ትልልቅ ምቶች ይራመዳል፤ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ደግሞ ሦስት ትንንሽ ምቶችን ይይዛል። ስለዚህ አንድ ዙር ስድስት ትንንሽ ምት አለው ማለት ነው። ያኔ ለጥምቀት የጻፍኩት አዝማች እንዲህ የሚል ነበር፦

ደስ አለኝ ደስ አለኝ!

ጮክ ብላችሁ ቁጠሩት፤ ስድስት ቀለም ብቻ ነው፣ አንድ ዙርም በትክክል ይሞላል። ቀጣዩ ዙር ግን ስድስት ምት ሙሉ ቃል የለውም። ሰውነት በሞቀ ምት ውስጥ ባዶ ቦታ አይወድም፤ መቺው በእጁ፣ ሕዝቡ በ«ሆ»፣ ወጣቱ በትከሻው ይሞላዋል። ሠርግ ቤት ውስጥ ያ ቦታ ለተቀባዩና ለጨፋሪው ተብሎ የሚተው ስለሆነ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። ቃሉን አቋርጠን ሥርዓቱን ከእነርሱ መጠበቃችን ነው ስሕተቱ።

መፍትሔው ሁለተኛውን ሐረግ መጻፍ ነው፦

ደስ አለኝ ደስ አለኝ፣ ዮርዳኖስ ሲመለስ፣
ጌታዬ ሲጠመቅ በቅዱስ ዮሐንስ።

ይህ ስድስት በስድስት የሆነው የወል ቤት ነው። «ዮርዳኖስ ሲመለስ» የሚለው ከመዝሙር 113 የተወሰደ ስለሆነ ባዶውን ቦታ በማንኛውም ቃል አልደፈንነውም፤ ደስታው ምክንያቱን አገኘ። የመጀመሪያው ግጥም ደስ አለኝ ከማለት በቀር ለምን ደስ እንዳለው አይናገርም ነበር፤ ከሠርግ ዘፈን የሚለየውም ነገር አልነበረውም። ይህንን አዝማች በዚያው ከበሮ መቺና በዚያው ፍጥነት አዘመርኩት፤ ትርፍ ምቱ ጠፋ። መቺውን አንድም ቃል አልተናገርኩትም።

ቀለም ስትቆጥሩ ፊደል አትቁጠሩ። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ድምፁን ከፊቱ ላለው ቀለም ሰጥቶ ያልፋል፤ «ዮርዳኖስ» በጽሑፍ አምስት ፊደል ሲሆን በአፍ ግን ሦስት ቀለም ነው። በፊደል የቆጠረ ሰው ቤቱ ሞላ ብሎ ሲያበቃ በመዝሙሩ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳውን በ«እሰይ እሰይ» የሚደፍኑም አሉ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ ያው «ሆ» ነው ልብሱን የቀየረ።

በአዝማቹና በቁጥሩ መካከል ለትንፋሽ የሚሆን ቦታ ግን ያስፈልጋል። እርሱን ለእልልታ ወይም ለጸናጽል ብላችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ለመዘምራኑም ንገሯቸው፤ ባለቤት ያለው ቦታ አይወረርም።

ምልክት፦ ቃሉ አይሰማም፣ ወይም ሌላ ሆኖ ይሰማል

ምክንያቱ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው የሚጠብቀውን ድምፅ ነው። በአንድ መዝሙር ላይ «አምላካችን አለ» የሚል ሐረግ ነበረኝ። ስድስት ቀለም ነው፣ ምቱ ላይም በደንብ ይቀመጣል። ከአገልግሎቱ በኋላ አንዲት እናት በሩ ላይ ጠብቀውኝ «ልጄ፣ አምላካችን ምን አለ? መጨረሻውን ሳትነግሩን ተቀመጣችሁ እኮ» አሉኝ። «ለ» ጠብቆ «ይኖራል» ማለት የነበረበት በሩጫው ላልቶ «ተናገረ» ሆኖ ደርሷቸዋል። «ይሰማል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሲጠብቅና ሲላላ ሰሚው ይለዋወጣል።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሚጠብቀውን ቀለም በትልቁ ምት ላይ አስቀምጦ ሁለት ትንንሽ ምት መስጠትና ሐረጉን ወደ አምስት ቀለም ማሳጠር ነው። ሁለተኛውና የምመርጠው ቃሉን መለወጥ ነው፤ እኔ ሐረጉን አንሥቼ በ«ሕያው ነው» መልሼ ሠራሁት። ፍጥነቱን በሰዓት ለኩት። በደቂቃ 100 ትልልቅ ምት ማለት በየሰከንዱ አምስት ቀለም ማለት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ከኋላ የቆመ ሰው ዜማውን እንጂ ቃሉን ሲይዝ አላየሁም። መዘምራን በበዓል ቀን ከልምምዱ ይልቅ እንደሚፈጥኑ አስባችሁ ከ90 በታች አለማምዷቸው።

መሞቅ ከፈለጋችሁ ከአቋቋም ቤት ተማሩ። ማኅሌቱ ከቁም ዜማ ተነሥቶ በዝማሜና በመረግድ አልፎ ነው ወደ ጽፋት የሚደርሰው፤ እጅ የሚያጨበጭበው ቃሉ ከተጠገበ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ በሩጫ የሚነሣ መዝሙር ግን ሦስተኛው ቤት ላይ የሚጨምረው ስለሌለው እስክስታ ይጨምራል።

ምልክት፦ ግጥሙ ደህና ሆኖ እንቅስቃሴው ይበላሻል

እግር ሥራ ስላልተሰጠው ነው። የቆመ እግር ምቱን ወደ ትከሻ ይልከዋል። ሽብሸባውን ከእግር ጀምሩ፤ በመጀመሪያው ትልቅ ምት ወደ ቀኝ፣ በሁለተኛው ወደ ግራ፣ ሰውነት ሙሉውን አብሮ ይሂድ፤ እጅም ከቃሉ ጋር ይነሣ፣ ይውረድ። በየቤቱ አዲስ የእጅ ምልክት አትፍጠሩ፤ መዘምራኑ ምልክቱን ሲያስታውሱ ቃሉን ይረሱታል። እኔ የምፈትነው በነጠላ ነው፦ መስቀለኛ የተጣፋ ነጠላ መዝሙሩ እስኪያልቅ በቦታው ከቆየ ሽብሸባ ነው፤ ከትከሻ እየወረደ በየቤቱ የሚስተካከል ከሆነ ስሙን ምንም ብንለው እስክስታ ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት መዝለሉን የሚጠቅስ ወጣት ሁልጊዜ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ነገር ግን እዚያ ላይ የሚታየው ታቦቱ ነበር፤ ነጠላውን ለማስተካከል የሚያቋርጥ ዘማሪ ግን ሕዝቡ እርሱን እንዲያይ ያደርጋል።

በጥቂቱ የሚያጋጥሙ

ዜማው የሠርግ ዘፈን ያስታውሳል፦ ያለ ግጥም ለማያውቀው ሰው አንጎራጉሩለት፤ የዘፈኑን ስም ከጠራ ዜማውን ጣሉት፣ ለማረም አትድከሙ።

የአምላክ ስም ከግጥሙ ሲወጣ የቀረው የፍቅር ደብዳቤ ይሆናል፦ «ውዴ» እና «ናፍቆቴ» የሚሉትን ቀንሳችሁ ያደረገውን ሥራ ጻፉ።

ከበሮው ይደነቁራል፦ ቆዳው በእርጥበት ላልቷል፤ ፀሐይ ላይ አውጡት። መቺው ድምፅ ፍለጋ አጥብቆ ሲመታ ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል።

በስቱዲዮ የተቀረጸው ጭፈራ ይመስላል፦ ባለሙያው በኪቦርዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን የሠርግ ምት ጭኖላችኋል። ያ ምት በየዙሩ መጨረሻ ትርፍ ምት አብሮት ስለተሠራ፣ እናንተ በግጥም የደፈናችሁትን ቀዳዳ ማሽኑ መልሶ ይከፍተዋል። ለገንዘባችሁ ሳትሳሱ እውነተኛ ከበሮ አስቀርጹ፤ ያ ካልሆነ ትርፍ ምቱን አጥፋልን በሉት፣ ክፍያውንም ሳታዳምጡ አትጨርሱ።