ከአይሱዙ ላይ የሚንሸራተት ካርቶን፦ የኃይል ሥዕልን አንብቦ የተጣራውን ኃይል ማግኘት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚያራግፉ ወጣቶች አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ከአይሱዙው ጫፍ ወደ መሬት ያጋድሙና የሚስማሩን ካርቶን በላዩ ይለቁታል። ካርቶኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ታች የቆመው ጓደኛቸው ይቀበለዋል። ስለ ተዳፋት ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቁጥሮቹን እንዲህ እንያዝ፦ የካርቶኑ መጠነ ቁስ 20 ኪሎ ግራም፣ የጣውላው ርዝመት 2 ሜትር፣ የመኪናው ወለል ከመሬት ያለው ከፍታ 1 ሜትር፣ በካርቶኑና በጣውላው መካከል ያለው የሰበቃ ቁጥር 0.3 ይሁን።

መጀመሪያ ቀስቶቹን ቁጠሩ። በነጻ አካል ሥዕል ላይ የሚሣለው ካርቶኑ ብቻ ነው፤ ጣውላውም መኪናውም አይገቡም። እያንዳንዱን ቀስት «አንተን የሚገፋህ ወይም የሚስብህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መሬት ካርቶኑን በቀጥታ ወደ ታች ትስበዋለች፤ ይህ ክብደቱ ነው፣ የመሬት ስበት ሽምጠጣን 10 ብለን ብንይዝ 20 ሲባዛ በ10፣ ማለትም 200 ኒውተን። ጣውላው ደግሞ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ከገጹ በቀጤ ነክ አቅጣጫ ካርቶኑን ይገፋዋል፤ በሰበቃም ሽቅብ ይይዘዋል። በዚህ አበቃ፤ ሦስት ቀስት ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች ቁልቁል የሚያመለክት አራተኛ ቀስት ይጨምሩና «የመንሸራተት ኃይል» ይሉታል። ማን ነው የገፋው? ሲባሉ መልስ የላቸውም። ገፊ ወይም ሳቢ የሌለው ቀስት ይሰረዝ።

ቀጥሎ ወረቀቱን አዙሩት። የጣውላው መስመር አግድም እስኪሆንላችሁ ድረስ ወረቀቱን አዘንብሉት። አሁን ሰበቃው በመስመሩ ላይ ተኝቷል፣ የጣውላው ግፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዘመም ያለው ክብደቱ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱን ብቻ ለሁለት እንከፍለዋለን፦ አንዱ ክፍል በጣውላው ትይዩ ቁልቁል፣ ሌላው ወደ ጣውላው ውስጥ። ከከፈላችሁ በኋላ የመጀመሪያውን የክብደት ቀስት ሰረዝ አድርጉበት፤ አለበለዚያ ስትደምሩ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ሳይኑ የትኛው ጋ ነው? አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ እንበል። የማዕዘኑ ሳይን ከፍታው ለጣውላው ርዝመት ሲካፈል ነው፤ 1 ለ2፣ ማለትም 0.5። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው፣ ኮሳይኑም 0.87 ገደማ። ቁልቁል የሚስበው ክፍል የሳይኑ ነው፦ 100 ኒውተን። ወደ ጣውላው የሚጫነው የኮሳይኑ ነው፦ 173 ኒውተን ያህል። በቃል መሸምደድ አያስፈልግም። በሐሳባችሁ ጣውላውን መሬት ላይ አስተኙት። ማዕዘኑ ዜሮ ሲሆን ሳይን ዜሮ፣ ኮሳይን 1 ይሆናል። መሬት ላይ የተቀመጠ ካርቶን ወደ ጎን የሚስበው ነገር የለም፤ ክብደቱ ሁሉ ወለሉን ይጫናል። ሁለቱን ያለዋወጠ ሰው ግን ደልዳላ መሬት ላይ ያለው ካርቶን በ200 ኒውተን ወደ ጎን ይሳባል ሊል ነው፤ ስሕተቱን የሚያገኘውም በዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡ። ካርቶኑ ከጣውላው አይነሣም፣ ወደ ውስጡም አይሰምጥም፤ ስለዚህ የጣውላው ግፊት ከ173 ኒውተን ጋር እኩል ነው። 200 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም፤ ነገር ግን ግፊቱ የሚያመዛዝነው የክብደቱን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሰበቃው የዚህ ግፊት 0.3 ነው፣ 52 ኒውተን ያህል። ካርቶኑ ቁልቁል ስለሚሄድ ሰበቃው ሽቅብ ነው። የተጣራው ኃይል 100 ሲቀነስ 52፣ ማለትም 48 ኒውተን ቁልቁል። ለ20 ሲካፈል ሽምጠጣው 2.4 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። ከቆመበት የተለቀቀ ካርቶን ጣውላው ጫፍ ሲደርስ በሰከንድ ወደ 3.1 ሜትር ይጓዛል፤ ተቀባዩ እግሩን ከፈት አድርጎ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ካርቶኑን ሽቅብ ወርውራችሁት እየወጣ ሳለ ሥዕሉን ብትሥሉ ግን የሰበቃው ቀስት ይገለበጣል። ያኔ 100 ኒውተኑም ሰበቃውም ቁልቁል ስለሆኑ ይደመራሉ፦ 152 ኒውተን። የሰበቃን አቅጣጫ የሚወስነው እንቅስቃሴው እንጂ ተዳፋቱ አይደለም።

መልሱ ሽቅብ ቢመጣስ? ጣውላው 5 ሜትር ቢሆን ሳይኑ 0.2 ነው። ቁልቁል የሚስበው 40 ኒውተን፣ ግፊቱ 196፣ ሰበቃው 59 ኒውተን ገደማ ይሆናል። የተጣራው 19 ኒውተን ሽቅብ ነው። ካርቶኑ ወደ መኪናው ይመለሳል ማለት ግን አይደለም። ገፋ ተደርጎ እየወረደ ከሆነ ፍጥነቱ እየቀነሰ ጣውላው ላይ ይቆማል ማለት ነው። ከቆመ በኋላ ደግሞ 59 የሚለው ቁጥር አይሠራም፤ ሰበቃው ወደ 40 ይወርድና ስበቱን ልክ በልኩ ይመክታል፤ የተጣራው ኃይል ዜሮ ሆኖ ካርቶኑ እዚያው ይቀመጣል።