ስልኩን ዝጉት፣ ቢሮው ሂዱ

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ሱቅ ላላት ጎረቤቴ በቀደም ስልክ ተደወለላት። «ከግብር ቢሮ ነው። ሱቅሽ ሊታሸግ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 6,000 ብር በቴሌብር ላኪ። ስልኩን እንዳትዘጊው!» የሱቋን ስም ሲጠራባት ክው አለች። ስሙ ግን ከነስልክ ቁጥሯ በሩ ላይ ተጽፏል።

ቁጥሩን አስገብታ የሚስጥር ቁጥሯን ልትጫን ስትል የተቀባዩ ስም ወጣ። የግለሰብ ስም ነው! ያዳናት እሱን ማንበቧ ነው። የመንግሥት ግብር በግለሰብ ስልክ አይከፈልም።

እናንተም ሲደወልላችሁ «ቢሮ መጥቼ እከፍላለሁ» በሉና ዝጉት። አትዝጉ የሚሏችሁ ሌላ ሰው እንዳትጠይቁ ብለው ነው። በደወሉበት ቁጥር መልሳችሁ አታጣሩ፤ ያው እነሱ ናቸው የሚያነሱት። ፋይላችሁ ያለበት ቢሮ በአካል ሄዳችሁ ዕዳ እንዳለባችሁ ጠይቁ።